የገናና የጥምቀት ቀሚስ፦ ማሠራት፣ የተሠራ መግዛት ወይስ ሸጦ መክፈል?

ሱቅ በከፈትኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ጥር 12 ቀን ጠዋት 31 የሀበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ ቀረብኝ። ቀሚሶቹ ምንም እንከን አልነበረባቸውም። ችግሩ ከአንድ አከፋፋይ በዱቤ ያመጣኋቸው መሆናቸውና የክፍያው ቀን ጥር 15 መሆኑ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ገንዘብ ከየትም ስላልመጣልኝ ለሌላ ነጋዴ ከገዛሁበት ዋጋ በታች አስረክቤ ዕዳዬን ዘጋሁ። ለፋሲካ ሰሞን ያው ነጋዴ የእኔኑ ቀሚሶች በሙሉ ዋጋ ሲሸጥ በዓይኔ አየሁ።

ልብሱ አንድ ነው፣ ገበያውም አንድ ነው። እሱ መጠበቅ ችሏል፣ እኔ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ስዘጋጅ «ስንት ልብስ ላምጣ?» የሚለውን ጥያቄ ብቻውን አላየውም። ልብሱ ከየት ይምጣ የሚለውና ገንዘቡን መቼ ልጠየቅ ነው የሚለው አብረው ካልታዩ ስሌቱ ይበላሻል።

ከዚህ በታች የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ላለው፣ ለገናና ለጥምቀት ለሚዘጋጅ ሰው ነው። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ስለሆኑ በየራሳችሁ ዋጋ ተኩዋቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹን እንቁጠር

ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በመካከላቸው ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። (በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል አንድ ቀን ይጨመራል።) በእነዚህ 12 ቀናት በየቀኑ የሚሸጠው ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ከሚሸጠው ይበልጣል። ገና ላይ ሰው የሚያስበው ስለ በግና ስለ ዶሮ ነው፤ ልብሱን የሚገዛው ቤቱ ከሞላ በኋላ ነው። ለጥምቀት ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏልና ልብሱ ራሱ የበዓሉ አካል ነው። ከከተራ በፊት ባሉት አራት አምስት ቀናት ገዢዋ ዋጋ ብዙ አትከራከርም። የምትከራከረው ስለ ልኩ ነው።

ብዙ ሻጭ የሚረሳው ሁለተኛ ቀን ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቀን ነው። ከጥምቀት የተረፈ ልብስ መውጫው የጥር ሰርግ ነው፤ የጥር ሰርግ ደግሞ ጾሙ ሲገባ ያቆማል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ መግቢያው ከፋሲካ ጋር ስለሚንቀሳቀስ የሰርጉ ወቅት በየዓመቱ ይረዝማል ወይም ያጥራል። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለነበር ጾሙ የካቲት 9 ገባ፤ ከጥምቀት በኋላ የቀረው 28 ቀን ብቻ ነበር። በ2019 ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ያ 48 ቀን ይሰጣል። በ2020 እንደገና ያጥርና ጾሙ የካቲት 13 ይገባል።

የሃያ ቀን ልዩነት ትንሽ አይደለም። በረጅሙ ዓመት ለጥምቀት ጥቂት ትርፍ ይዞ መግባት አያስፈራም፣ የሰርግ ሚዜና ቤተሰብ ይወስደዋል። በአጭሩ ዓመት ግን ያው ትርፍ ልብስ ጾሙን ሁለት ወር ያህል ቁጭ ብሎ ፋሲካን ይጠብቃል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ባሕረ ሐሳቡን ተመልከቱ፤ የማያውቅ ሰው የግድግዳ ካሌንደር ይበቃዋል።

ሦስተኛው ቀን የሸማኔው ነው። ሽሮ ሜዳና አካባቢው ላይ የሚሠሩት ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው፤ ለእነሱ ትልቁ በዓል መስቀል ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ሸማኔው አገሩ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሰጣችሁት ቀብድ ለመንገዱ ይሆነዋል እንጂ ሥራ አይጀመርበትም። እኔ ሥራውን የማዘው ሸማኔው ተመልሶ ጉድጓዱ ላይ ሲቀመጥ፣ ጥቅምት ውስጥ ነው።

ልብሱን ለማምጣት ያሉት ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ማሠራት ነው። ድሩንና ማጉን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ጥለቱን መርጣችሁ፣ ለሸማኔው የእጁን እየከፈላችሁ ታሠራላችሁ፤ ከዚያ ጨርቁ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ቀለል ያለ ጥለት ያለው በቀናት ያልቃል፤ ጥበቡ የከበደ ከሆነ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ዋጋው ከሁሉ የረከሰ ነው፣ ዲዛይኑም የእናንተ ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ ገንዘባችሁ ከጥቅምት ጀምሮ ይታሰራል። በዚያ ላይ ዘንድሮ የሚፈለገው ቀለም ሳይታወቅ ጥቅምት ላይ መወሰን አለባችሁ። ለዚህ የማገኘው መፍትሔ ነጩን ጨርቅና የተለመዱትን የጥለት ቀለሞች በማሠራት ተወስኖ፣ ሞድ የሚከተለውን ለኋላ መተው ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሽመናው ጋ አይደለም። ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ከታኅሣሥ 20 በኋላ ልብስ ሰፊ የሚሰጠውን ቀጠሮ አልቆጥረውም፤ ቢምልም አልቆጥረውም። የሁሉም ሱቅ ጨርቅ እዚያች ማሽን ላይ ነው የሚደርሰው፣ መብራት አንድ ቀን ከጠፋ ደግሞ ወረፋው ይደረባል። ስለዚህ ጨርቁን ከሸማኔው እስከ ታኅሣሥ 5 ድረስ ካልተቀበልኩ፣ የቀረውን ሥራ እሰርዝና ፈትሉን ለፋሲካ አዛውረዋለሁ። ጥር 13 ቀን ተሰፍቶ የሚመጣ ቀሚስ ከጨርቁ ሌላ የስፌት ዋጋም ታስሮበት ይመጣል።

ሁለተኛው የተሠራ በጅምላ መግዛት ነው። ታኅሣሥ ላይ ሽሮ ሜዳ ወይም መርካቶ ገብታችሁ የተሰፋውን ትወስዳላችሁ። ገንዘባችሁ የሚታሰረው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፣ የዘንድሮውንም ሞድ እያያችሁ ትገዛላችሁ። የምትከፍሉት ግን ቀድሞ ያሠራው ነጋዴ የተሸከመውን ስጋት ጭምር ነው፤ ጥምቀት ሲቃረብም ዋጋው በየቀኑ ይጨምራል፣ ጥሩው ልክ አስቀድሞ ያልቃል። ደግሞ በጥድፊያ ሲገዛ ዕቃ አይመረመርም። ቢያንስ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ ጥለቱን እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ያ ቀሚስ መጀመሪያ በታጠበበት ቀን ከነባለቤቱ ወደ ሱቃችሁ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡትና የጥለቱን ጀርባ ተመልከቱ። በእጅ የተሠራ ጥበብ በጀርባው የክሩ አካሄድ ይታያል፤ የታተመው የፋብሪካ ጨርቅ ግን ጀርባው ደብዝዞ ይቀራል። የታተመውን መሸጥ ነውር የለውም፣ ርካሽ ፈላጊም አለ፤ በእጅ ሥራ ዋጋ መግዛት ግን አያዋጣም።

ሦስተኛው ሸጦ መክፈል ነው። ባለ ዕቃው ልብሱን ሱቃችሁ ውስጥ ያስቀምጣል፣ የተሸጠውን ትከፍሉታላችሁ፣ ያልተሸጠውን ይወስዳል። ገንዘብ አይታሰርባችሁም፣ የተረፈም አይከስራችሁም። ለዚህ ምቾት የምትከፍሉት ከትርፉ ነው። ከትርፉ ማነስ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ዕቃው የሌላ ሰው ስለሆነ ገበያው ሲደራ ሊወስደው ይችላል። ጥር 6 ቀን መጥቶ «ሌላ ሱቅ ፈልገውታል» ብሎ ጥሩ ጥሩውን መርጦ የወሰደብኝ ሰው አለ። ከዚያ በኋላ «እስከ ጥር 12 አይነሣም» የሚለውን ከዝርዝሩ ጋር በወረቀት አስፍረን ሁለታችንም እንፈርማለን።

ሦስቱን በቁጥር ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። መሸጫ ዋጋው በሁሉም 5,000 ብር ነው እንበል፤ በጾም ውስጥ ወይም ለዕዳ ሲባል የግድ ከተሸጠ ደግሞ 2,800 ብር ያወጣል።

| መንገድ | መነሻ ዋጋ | ከተሸጠ ትርፍ | የግድ ከተሸጠ |
|---|---|---|---|
| ማሠራት | 3,000 | 2,000 | 200 ኪሳራ |
| የተሠራ በጥሬ ብር | 3,700 | 1,300 | 900 ኪሳራ |
| የተሠራ በዱቤ | 4,000 | 1,000 | 1,200 ኪሳራ |
| ሸጦ መክፈል | 4,200 | 800 | ይመለሳል |

ይህን ሠንጠረዥ ወደ ጎን አንብቡት። ያሠራነው ቀሚስ ከተሸጠ 2,000 ያስገኛል፤ በክፉው ቀን ቢሸጥ 200 ያጎድላል። በዚህ ዕቃ መድፈር ይቻላል፤ ጥቂት ቢተርፍ ይሻላል፣ ቢጎድል ግን ብዙ ይቆጫል። በዱቤ የመጣው ግን 1,000 ለማግኘት 1,200 ማጣት ነው፤ በዚህ ዕቃ መድፈር ቁማር ነው። የብዙዎቻችን ልማድ ተቃራኒው ነው። ጥቅምት ላይ የራሳችን ብር ስለሚወጣ እንሳሳለን፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገበያው ሲሟሟቅ ደግሞ ውዱን ዕቃ በዱቤ እንጭናለን።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። በየዓመቱ እንደሚሸጥ ደብተሬ የሚያረጋግጥልኝን አሠራለሁ፤ ነጭ፣ መካከለኛ ልክ፣ የታወቀ ጥለት ማለት ነው። የተሠራ የምገዛው የዘንድሮውን ሞድ ነው፣ ያውም ዘግይቼና በጥሬ ብር። ውድ የሰርግ ቀሚስ፣ በጣም ትልቅና በጣም ትንሽ ልክ፣ እንግዳ ቀለም ሲሆን ሸጦ በመክፈል አስቀምጣለሁ። ዱቤን ከዝርዝሩ ባወጣሁት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እያለ አምስት ቀሚስ ከጎረቤት በዱቤ ያልወሰደ ነጋዴ አላውቅም።

ገንዘቡስ?

አሁን ወደ ጥር 15ቱ ታሪኬ እንመለስ። የተረፈ ቀሚስ 2,800 ብር የሚያወጣው በጾም ወይም ለዕዳ መሸጥ ግድ ከሆነ ብቻ ነው። ዕዳ ከሌለ ፋሲካን ጠብቆ ወደ ሙሉ ዋጋው ይጠጋል። ከላይ ያለው የኪሳራ ዓምድ እንግዲህ የሚወሰነው በገንዘቡ ምንጭ ነው። ምንጮቹን ስናወዳድር ወለዱን ከማየት በፊት የመክፈያ ቀኑን እንይ።

ዕቁብ ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይስማማኛል፤ ግን የሚጀመርበት ቀን ወሳኝ ነው። 20 ሰው በየሳምንቱ 10,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ 200,000 ብር ያስገኛል። መስከረም 20 ከተጀመረ የመጨረሻው ጥል የካቲት 3 ላይ ያርፋል፤ እንደ 2018 ባለ አጭር ዓመት እንኳ ከጾሙ በፊት ያልቃል። ኅዳር ላይ የተጀመረ ዕቁብ ግን ዕጣው ቢወጣላችሁም ጥሉ ጾሙ ውስጥ፣ ሱቁ በተቀዘቀዘበት ሰዓት በየሳምንቱ ይከተላችኋል። ዕጣው በፈለጋችሁት ጊዜ ካልወጣ መግዛት ይቻላል። 200,000ውን ጥቅምት ላይ ለማግኘት 10,000 ብር ለባለ ዕጣው ብትሰጡ፣ 50 ቀሚስ ለሚያሠራ ሰው በቀሚስ 200 ብር መጨመር ነው። 3,000 የነበረው 3,200 ይሆናል፤ አሁንም ከ3,700 ያንሳል። ዋሱን ግን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ዕጣ ወጥቶለት ዋስ ፍለጋ አንድ ሳምንት የባከነበት ሰው ብዙ ነው፣ ጥቅምት ላይ አንድ ሳምንት ደግሞ ብዙ ጥለት ነው።

ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። 3,700 የነበረው ቀሚስ 4,000 ከተባለ 300 ብሩ ወለድ ነው። ታኅሣሥ 15 ተወስዶ ጥር 15 የሚከፈል ከሆነ፣ ለአንድ ወር ከመቶ ስምንት ብር በላይ ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ብትወስዱትም ጭማሪው ያው 300 ስለሆነ ጥር 1 ላይ ሲወሰድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የዱቤ ክፉ ጎኑ ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። የመክፈያ ቀኑን የሚቆርጠው አበዳሪው ስለሆነ፣ ለእሱ የሚመቸው ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ዱቤ ስትወስዱ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ከምትከራከሩ የክፍያውን ቀን ወደ የካቲት መጀመሪያ ለማስገፋት ተከራከሩ፤ ያ የጥር ሰርግን ይሰጣችኋል።

በስልክ የሚወሰደው አጭር ብድር ፈጣን ነው፤ ዋስም አያስጠራም። የአንድ ወር ብድር ኅዳር አጋማሽ ላይ ወስዳችሁ ፈትል ብትገዙበት ግን መመለሻው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይደርሳል፤ ጨርቁ ገና ልብስ ሰፊ ጋ ነው። እንዲህ ያለውን ብድር የምጠቀምበት ከገና በኋላ ለሚገዛና በዚያው ሳምንት ለሚሸጥ ዕቃ ብቻ ነው። የማይክሮ ፋይናንስ ብድር በአንጻሩ ጊዜው ረዥም ነው፤ ሂደቱ ደግሞ ረዥም ነውና ለጥቅምት የሚፈልግ ሰው ክረምት ላይ ነው ማመልከት ያለበት።

የደንበኛ ቀብድ ከሁሉ የረከሰ ገንዘብ ነው። የሰፈር ልጆች፣ የጓደኛሞች ቡድን፣ አንድ ዓይነት ለመልበስ የሚፈልግ ቤተሰብ ኅዳር ላይ ግማሹን ከፍሎ ካዘዘ ፈትሉን በእነሱ ብር ትገዛላችሁ፤ ዕቃውም ባለቤት አለው። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞችም እዚህ ይገባሉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚያዝ ሰው በመንገደኛ ስለሚያስወስድ ዕቃውን ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይፈልገዋል፣ ብሩንም ቀድሞ ይልካል። ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ደርሶ፣ ለክቶ፣ በማግስቱ ይፈልጋል። ቀብድ ያለው አደጋ አንድ ነው፤ ቃል የተገባበት ቀን አይዛወርም። ያዘገያችሁት የቡድን ትዕዛዝ ቀብዱ ተመልሶ፣ 15 አንድ ዓይነት ቀሚስ ይዛችሁ ትቀራላችሁ፤ በዚያ ላይ የአንዷ ጓደኛ ስም የተጠለፈበት ከሆነ ለማን ይሸጣል? ስለዚህ ትዕዛዝ የምቀበለው እስከ ኅዳር 20 ነው፤ ሰውየው ደንበኛዬ ቢሆንም።

አንድ ሱቅ ከጥቅምት እስከ ጥር

አንድ ሱቅ ጥቅምት 20 ላይ በእጁ 300,000 ብር አለው እንበል። እስከ ጥምቀት የሱቅ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ወጪ 80,000 ይፈጃል፤ ይህ መጀመሪያ ይነሣና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ለዕቃ 220,000 ይቀራል። ያለፈው ዓመት ደብተር እንደሚለው 90 ቀሚስ ተሽጧል፤ 15ቱ እስከ ታኅሣሥ 20፣ 30ው ከዚያ እስከ ገና፣ 45ቱ ከገና እስከ ከተራ።

ሁሉንም ላሠራ ካለ 270,000 ያስፈልገዋል፣ አይበቃውም። ሁሉንም የተሠራ ልግዛ ካለ 333,000 ነው፣ ይባስ አይበቃውም። ሁሉንም ሸጬ ልክፈል ካለ ብር አያወጣም፤ 90ው ቢሸጥ የሚያገኘው 72,000 ብር ብቻ ነው።

ቀላቅሎ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። ጥቅምት ላይ 50 ቀሚስ ያሠራል፣ 150,000 ይወጣል፣ 70,000 በእጁ ይቆያል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ 15 ቀሚስ ሸጦ በመክፈል ያስቀምጣል። ታኅሣሥ 20 ሲደርስ ካሠራው 15 ተሸጦ 75,000 ገብቷል፤ በእጁ 145,000 አለ። በዚያን ዕለት 25 የተሠራ ቀሚስ በ92,500 ይገዛል፣ 52,500 ይተርፈዋል። ዘጠናው ሁሉ ከተሸጠ ትርፉ 100,000፣ 32,500ና 12,000 ተደምሮ 144,500 ብር ነው። ጥር 12 ላይ ሸጦ ካልከፈለው ዕቃ በቀር ማንም አይጠይቀውም።

ታኅሣሥ 20 በዚህ ዕቅድ ውስጥ ወሳኙ ቀን ነው፤ የምገዛውን ብዛት የምወስነው በዚያን ዕለት ነው። አምና እስከዚያ ቀን 15 ተሽጦ ዘንድሮም 15 ከሆነ ዕቅዱ ይቀጥላል። 10 ብቻ ከተሸጠ ከ25ቱ 10 ገዝቼ እቆማለሁ። 22 ከተሸጠ ግን 132 ይሸጣል ብዬ አልነሣም። የጭማሪውን ግማሽ ያህል ብቻ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ቀድሞ የገዛ ሰው ዘግይቶ አይገዛም፣ ገበያው ወደ ፊት ተስቦ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ደብተሬ ላይ ሌላ ዓምድ አለኝ፦ ጠይቆ ያጣ። «ስሞል አለሽ?» ብላ የሄደችውን ሁሉ አንድ ጭረት አደርግላታለሁ። ሽያጭ ጨምሮ ጭረቱም ከጨመረ ገበያው በእውነት ሰፍቷል ማለት ነው። ሽያጭ ጨምሮ ጭረቱ ካልተነቃነቀ ሰው ቀድሞ መጣ እንጂ አልበዛም።

አሁን ደግሞ ገበያው ይቅዘቅዝና 65 ብቻ ይሸጥ። ከራሱ ዕቃ 60፣ ሸጦ ከሚከፍለው 5 ተሸጠ እንበል። አሥሩ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ 15 የራሱ ቀሚስ ይተርፈዋል፣ 50,000 ብር ገደማ የታሰረበት። ያስከፋል፣ ሱቅ ግን አይዘጋም። ጎረቤቱ ደግሞ በእጁ ብር ስላልነበረው 90ውንም በ4,000 በዱቤ ጭኖ ነበር፤ 360,000 ብር፣ ጥር 15 የሚከፈል። 65 ሸጦ ያገኘው 325,000 ነው፤ 35,000 ጎደለው። ያንን ለመሙላት 13 ቀሚስ በ2,800 ጥሎ 36,400 አገኘ። በእጁ 12 ቀሚስና 1,400 ብር ቀረ፤ ኪራይ ገና አልተከፈለም። ሁለቱም ያዩት ገበያ አንድ ነው።

ጥር 12 ቀን

በዚያ ጠዋት የተረፈውን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። ጥለቱ የከበደ፣ ለሚዜና ለእናት የሚሆነው ከፊት ይሰቀላል፤ ለጥር ሰርግ ዋጋውን ወደ 4,500 ዝቅ አደርገዋለሁ። ጾም ሊገባ አሥር ቀን እስኪቀረው በዚያው ዋጋ እጠብቃለሁ። ነጭና ተራ ጥለት ያለው ተጣጥፎ ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል፤ ለፋሲካ ምንም አይጎድለውም፣ በጾሙ ውስጥ ዋጋ ሰብሬ አላወጣውም። የዘንድሮ ሞድ የሆነው ግን ለፋሲካ ያረጃል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በገዛሁበት ዋጋም ቢሆን ይሄዳል።

የልጆች ልብስ አብራችሁ የምትሸጡ ከሆነ የጥር ብራችሁን ሁሉ ወደ ሸማኔው አትመልሱት። ኢድ አልፈጥር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ከጾሙ ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ፤ በ2019 ጨረቃ ብትታይ ባትታይ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው የሚውለው። የሀበሻ ቀሚሱ በሚተኛበት ሰሞን የኢድ ልብስ ይሸጣል፣ ኪራዩም ከዚያ ይወጣል።

ለፋሲካ የሚሆነውን ፈትል የምገዛው ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሸማኔውም ያኔ ሥራ ይቀዘቅዝበታል፣ በእጁ ዋጋ ላይ መነጋገር ይቻላል።